25 በመቶ የወጣ ዋጋ ለመመለስ ስንት በመቶ ይወርዳል?

በአንድ ሱቅ መደርደሪያ ላይ 2,400 ብር ሲሸጥ የነበረ ጫማ 25 በመቶ ተጨመረበት እንበል። የ2,400 ሩብ 600 ስለሆነ አዲሱ ዋጋ 3,000 ብር ይሆናል። ከጥቂት ወራት በኋላ ገበያው ቀዘቀዘና ባለሱቁ ዋጋውን ወደ ነበረበት ለመመለስ ወሰነ። የጨመረው 25 በመቶ ስለነበር የሚቀንሰውም 25 በመቶ መሆን አለበት ብሎ ካልኩሌተሩን ያነሳል። የ3,000 ሩብ ግን 750 ብር ነው። ይህን ሲቀንስ ጫማው 2,250 ብር ላይ ያርፋል፤ ከድሮው ዋጋ 150 ብር አንሶ ማለት ነው።

ይህ 150 ብር በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ባለሱቁ ጫማውን ከጅምላ ነጋዴ የሚያመጣው በ2,300 ብር ከሆነ ግን፣ በድሮው ዋጋ ከእያንዳንዱ ጥንድ 100 ብር ያተርፍ የነበረ ሰው አሁን 50 ብር እየከሰረ ይሸጣል። ዋጋውን ወደ ድሮው የመለሰ ስለሚመስለውም ኪሳራው ከየት እንደመጣ ቶሎ አይገባውም። ዕቃው ይወጣል፣ ደንበኛ ይመጣል፣ ገንዘቡ ግን ዕቃውን መልሶ አይገዛም።

ወደ ድሮው ዋጋ የሚመልሰው ትክክለኛ ቅናሽ 20 በመቶ ነው። የ3,000 ሃያ በመቶ 600 ይሆናል፤ 600 ሲቀነስ 2,400 ይቀራል። የተጨመረውም የተቀነሰውም ያው 600 ብር ነው። ሲጨመር 25 በመቶ፣ ሲቀነስ 20 በመቶ ተብሎ የሚጠራው ግን አንድ ዓይነት ገንዘብ በሁለት የተለያዩ መነሻዎች ስለሚለካ ነው። ጭማሪው የተለካው በ2,400 ነው፤ ቅናሹ የሚለካው በ3,000። የሚለካበት ቁጥር ሲተልቅ ያው 600 ብር ከመቶ የሚይዘው ድርሻ ያንሳል።

ነገሩን ያለ ካልኩሌተር በዓይን ማየት ይቻላል። 2,400 ብሩን በአራት እኩል ቦታ ክፈሉት፤ እያንዳንዱ 600 ብር ይሆናል። 25 በመቶ ጨመርን ማለት በእነዚህ አራት ላይ አንድ ሌላ 600 ደረብን ማለት ነው። አሁን አምስት 600ዎች አሉ። ወደ አራቱ ለመመለስ የሚነሳው አንዱ ነው፤ አንዱ ግን አሁን ከአራት አንድ መሆኑ ቀርቶ ከአምስት አንድ ሆኗል። ከአምስት እጅ አንዱ ደግሞ 20 በመቶ ነው። ከአራት እጅ አንዱን የጨመረ፣ ሲመልስ ከአምስት እጅ አንዱን ይቀንሳል።

ይኸው አካሄድ ለሌሎችም ጭማሪዎች ይሠራል። ሲሶ የተጨመረበት ዋጋ ሩብ ሲቀነስለት ይመለሳል። ግማሽ የተጨመረበት ሲሶ ይቀነስለታል። እጥፍ የሆነ ዋጋ፣ ማለትም 100 በመቶ የጨመረው፣ 50 በመቶ ሲወርድ ከነበረበት ይደርሳል። እንደ ሩብና ሲሶ ለማይመቹ ቁጥሮች ደግሞ ጭማሪውን 100 ሲደመር ጭማሪው ለሚሆነው ቁጥር አካፍሉት። ለ25 በመቶ፣ 25 ለ125 ሲካፈል 0.20 ይመጣል፤ ይህም 20 በመቶ ነው። ለ10 በመቶ፣ 10 ለ110 ሲካፈል 9.09 በመቶ ገደማ ይሆናል። ጭማሪው ትንሽ ሲሆን ሁለቱ ቁጥሮች ስለሚቀራረቡ ስህተቱ አይታይም። የሁለት በመቶ ጭማሪን በሁለት በመቶ ቅናሽ የመለሰ ሰው ከ2,400 ብር ላይ የሚስተው አንድ ብር እንኳ አይሞላም። ብዙ ሰው እኩል መጨመርና እኩል መቀነስ ይጣፋል ብሎ የሚያምነውም በትናንሽ ቁጥሮች ስለለመደው ይመስለኛል። ቁጥሩ 25 ሲደርስ ግን ስህተቱ ከዋናው ዋጋ ላይ 6.25 በመቶ ያጎድላል፤ 50 ሲደርስ ደግሞ ሩቡን ይበላል።

ጭማሪው በተከታታይ ከመጣ ነገሩ ይበልጥ ይሰፋል። 2,400 ብር የነበረው ጫማ አንድ ጊዜ 25 በመቶ፣ ቆይቶ ደግሞ ሌላ 25 በመቶ ቢጨምር መጀመሪያ 3,000፣ ቀጥሎ 3,750 ብር ይሆናል። ሁለተኛው ጭማሪ 750 ብር የሆነው የተለካው በ3,000 ስለሆነ ነው። ጠቅላላው ጭማሪ 50 ሳይሆን 56.25 በመቶ ነው። ለመመለስ ሁለት ጊዜ 20 በመቶ መቀነስ ይበቃል፤ ከ3,750 ወደ 3,000፣ ከ3,000 ወደ 2,400። ሁለቱን ቅናሾች ደምሮ በአንድ ጊዜ 40 በመቶ የሚቀንስ ሰው ግን 2,250 ብር ላይ ይወድቃል። ትክክለኛው የአንድ ጊዜ ቅናሽ 36 በመቶ ነው።

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ሻጩ ነው። ገዢው በዚህ ሒሳብ የሚጎዳው በበዓል ሰሞን ነው። ከበዓሉ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ 2,400 ብር የነበረው ጫማ 3,000 ተብሎ ይለጠፍበታል። በዓሉ ሲቃረብ መስታወቱ ላይ በትልቁ «20 በመቶ ታላቅ ቅናሽ» የሚል ወረቀት ይወጣል። ገዢው 3,000 የሚለውን ተሰርዞ፣ ከሥሩ 2,400 የሚለውን በቀይ ተጽፎ ያያል። 600 ብር የተረፈው መስሎት ከፍሎ ይወጣል። የከፈለው ግን ከአንድ ወር በፊት ቢገዛ የሚከፍለውን ያንኑ ገንዘብ ነው። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ስህተት የለበትም፤ 2,400 በእርግጥም ከ3,000 ላይ 20 በመቶ ተቀንሶ የመጣ ነው። ገዢው የማያውቀው ያ 3,000 ለስንት ቀን ዋጋ ሆኖ እንደቆየ ነው። ስለዚህ የሚጠቅመው ከቅናሹ በፊት የነበረውን ዋጋ ማወቅ ነው። ለመግዛት ያሰባችሁትን ዕቃ ዋጋ አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ በፎቶ ብታስቀሩት የቅናሹን እውነት ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አያስፈልጋችሁም።

በደረሰኝ ላይም ተመሳሳይ ስህተት ይሠራል። የተጨማሪ እሴት ታክስ በአገራችን 15 በመቶ ነው። አንድ ሰው ቫትን ጨምሮ 1,150 ብር ከፍሎ ከዚህ ውስጥ ታክሱ ስንት እንደሆነ ሲጠየቅ የ1,150ን 15 በመቶ አስልቶ 172 ብር ከ50 ሳንቲም ይላል። ታክሱ ግን 150 ብር ብቻ ነው፤ የተሰላው ከታክስ በፊት በነበረው 1,000 ብር ላይ ነውና። ከጠቅላላ ክፍያው ላይ ሲታይ ታክሱ 13 በመቶ ገደማ ይሆናል። ቫት የተካተተበትን ዋጋ ለ1.15 ያካፈለ ሰው ከታክስ በፊት የነበረውን ዋጋ በቀጥታ ያገኛል፤ 25 በመቶ የተጨመረበትን ዋጋ ለ1.25 ያካፈለም የድሮውን ዋጋ ያገኛል። በስልክ ካልኩሌተር 3,000 ሲካፈል ለ1.25 ብላችሁ ብትሞክሩት 2,400 ይመጣላችኋል።

ይህ የሁለት መነሻ ነገር ከሱቅ አልፎ የአገር ዜና ላይም ታይቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አንድ ዶላር የሚገዛበት ዋጋ ከ57 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ ተነስቶ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ገባ። ዕለቱን ብር በ30 በመቶ ወደቀ ተብሎ ተወራ። ሒሳቡን በሁለቱም በኩል እንየው። የዶላር ዋጋ በ17 ብር ከ25 ሳንቲም ጨምሯል፤ ይህ ከ57.48 ላይ ሲለካ 30 በመቶ ነው። ስለዚህ ዶላር 30 በመቶ ተወደደ ማለት ትክክል ነው። ከዋሽንግተን 100 ዶላር ለእናቱ የሚልክ ሰው በባንክ በኩል ቀድሞ 5,748 ብር ይደርሳት የነበረው 7,473 ብር ሆኖላታል፤ በብር ሲቆጠር በ30 በመቶ ጨመረ ማለት ነው።

ብሩን ከያዘው ሰው በኩል ሲታይ ግን ቁጥሩ ሌላ ነው። 100,000 ብር በድሮው ተመን 1,740 ዶላር ገደማ ነበር፤ በአዲሱ ተመን 1,338 ዶላር ሆነ። የጠፋው 402 ዶላር ገደማ ሲሆን ከ1,740 ላይ 23 በመቶ ነው። ብር በዚያ ቀን የወደቀው በ23 በመቶ ነበር። ሁለቱ ቁጥሮች የሚናገሩት ስለ አንድ ክስተት ነው፤ አንዱን በሌላው ቦታ መጠቀም ግን ስህተት ነው። ስህተቱ ምን ያህል እንደሚከፋ የሚታወቀው ተመኑ ከእጥፍ በላይ ሲሆን ነው። ዶላር በ150 በመቶ ቢወደድ ብር በ150 በመቶ ወደቀ ሊባል አይችልም፤ በ100 በመቶ የወደቀ ነገር ከእነአካቴው ዋጋ አጥቷልና። በዚያ ጊዜ ትክክለኛው የብር መውደቅ 60 በመቶ ነው።

ከዶላር ወደ ዳቦ ስንመጣ 25 እና 20 ከማይጠበቅ ቦታ ይገናኛሉ። አንድ ዳቦ ቤት በ10 ብር የሚሸጠው ዳቦ 100 ግራም ይመዝን ነበር እንበል። የዱቄትና የመብራት ወጪ ሲጨምርበት ዋጋውን አልነካም፤ ዳቦውን ወደ 80 ግራም አወረደው። ከግራሙ የተቀነሰው 20 በመቶ ነው። ዋጋው ግን በስንት ጨመረ? 80 ግራም 10 ብር ከሆነ አንዱ ግራም 12.5 ሳንቲም ነው፤ ቀድሞ 10 ሳንቲም ነበር። 100 ግራም ዳቦ ለመብላት አሁን 12 ብር ከ50 ሳንቲም ያስፈልጋል። በግልጽ ሳይነገር ዳቦው በ25 በመቶ ተወድዷል። አምስት ዳቦ ይበቃው የነበረ ቤተሰብ ያንኑ ያህል ለመጥገብ ስድስት ዳቦ ከሩብ መግዛት አለበት፤ ሩብ ዳቦ ስለማይሸጥ ደግሞ ወይ ሰባት ይገዛል ወይ ስድስት ገዝቶ ትንሽ ይርበዋል።

ይህን ለማወቅ የኩሽና ሚዛን ይበቃል። ነገር ግን አንድ ዳቦ መዝኖ ዳቦ ቤቱን መክሰስ ተገቢ አይሆንም። በእጅ የሚቆረጥ ሊጥ ከአንዱ ዳቦ ወደ ሌላው ጥቂት ግራም መለያየቱ አይቀርም፤ ትኩስ ዳቦም ሲቀዘቅዝና ሲያድር እርጥበቱን እየለቀቀ ይቀላል። አሥር ዳቦ አንድ ላይ መዝኖ ለአሥር ማካፈል፣ ከወር በኋላም በዚያው ሰዓት የተገዛ አሥር ዳቦ መመዘን የተሻለ ነው። ከዚያ ዋጋውን ለግራሙ ማካፈል። በፓኬት የሚሸጥ ፓስታ፣ ብስኩት፣ የዱቄት ወተትና ሳሙና ላይ ደግሞ ግራሙ ማሸጊያው ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ ሚዛንም አያስፈልግም።

ይኸው ሒሳብ ሲገለበጥ የደመወዝተኛው ሒሳብ ይሆናል። የሁሉም ነገር ዋጋ 25 በመቶ ሲጨምርና ደመወዙ ባለበት ሲቆም፣ ሠራተኛው የሚገዛው ነገር በ25 ሳይሆን በ20 በመቶ ይቀንሳል። በወር 12,000 ብር የሚያገኝ ሰው አሁን በድሮው ዋጋ 9,600 ብር የሚያወጣ ዕቃ ብቻ ነው የሚገዛው፤ 12,000 ለ1.25 ሲካፈል የሚመጣው ይኸው ነው። አምስት ኪሎ ይገዛ የነበረው አራት ኪሎ ይገዛል። ጉዳቱ 20 በመቶ ነው ሲባል ከ25 የቀለለ ስለሚመስል ቀጥሎ ያለው ስህተት በቀላሉ ይከተላል።

አሠሪው ቅን ሰው ነው እንበል። የሠራተኞቹ የመግዛት አቅም በ20 በመቶ መውረዱን አስልቶ 20 በመቶ ደመወዝ ይጨምራል። 12,000 ብሩ 14,400 ሆነ። ሁሉም ካሳውን የተቀበለ ይመስለዋል። ነገር ግን ቀድሞ በ12,000 ብር የሚገዛው የወር አስቤዛ፣ የቤት ኪራይና ትራንስፖርት አሁን 15,000 ብር ደርሷል። ሠራተኛው በየወሩ 600 ብር ይጎድለዋል፤ በዓመት 7,200 ብር። በ20 በመቶ የወደቀን ነገር የሚያነሳው 25 በመቶ ነው፤ ከወደቀበት ዝቅተኛ ቦታ ስለሚለካ። ጫማው ላይ ያየነው ነገር ነው፣ አቅጣጫው ብቻ ተገልብጧል። በጫማው የተሳሳተው ባለሱቁ ራሱ ከሰረ፤ እዚህ ግን ስህተቱን የሚከፍለው ሒሳቡን ያልሠራው ሠራተኛ ነው። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው።

የዋጋ ግሽበት ዜናም እዚህ ላይ መነሳት አለበት፤ 25 እና 20 አብረው ሲጠሩ ሰው ሊያደናግሩ ይችላሉና። የአንድ ዓመት ግሽበት 25 በመቶ ሆኖ በቀጣዩ ዓመት ወደ 20 በመቶ ቢወርድ ዋጋ ወደ ድሮው ተመለሰ ማለት አይደለም። 100 ብር የነበረው ዕቃ መጀመሪያ 125 ገባ፤ በሁለተኛው ዓመት የ125 ሃያ በመቶ፣ ማለትም 25 ብር ተጨምሮበት 150 ይሆናል። የቀነሰው የመጨመሩ ፍጥነት ነው፤ ዋጋው ራሱ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ በግማሽ ጨምሯል። ወደ 100 ብር የሚመለሰው ዋጋው ራሱ በሲሶ ሲቀንስ ነው። ግሽበት ቀንሷል የሚለውን ዜና ይዞ የደመወዝ ጥያቄውን ጊዜው አለፈበት የሚል ኃላፊ ቢገጥማችሁ ይህችን የ100 ብር ሒሳብ ጻፉለት።

በመቶኛ ከመከራከር በብር መከራከር ይሻላል። በመቶኛ የሚነገር ቁጥር ሁሉ መነሻውን ደብቆ ሊመጣ ይችላል፤ ብር ግን ምንም አይደብቅም። ዋጋ ለመመለስ የምትፈልጉ ነጋዴዎች ድሮ የነበረውን ዋጋ መዝገባችሁ ላይ ፈልጉና እሱኑ ለጥፉ፤ በመቶኛው ስንት እንደሆነ ማወቅም አያስፈልጋችሁም። ዋጋ ስታወጡ ወደ አምስትና አሥር ብር ካጠጋጋችሁትማ በመቶኛው ብቻውን አይመልሳችሁም። 130 ብር የነበረ ዕቃ 25 በመቶ ሲጨመርበት 162 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል፤ ወደ 165 ካጠጋጋችሁት በኋላ 20 በመቶ ብትቀንሱ 132 እንጂ 130 አያገኝም።

ለደመወዝ ድርድር የምትገቡ ሠራተኞችና ተወካዮቻችሁም የምትይዙት ወረቀት ላይ ሁለት የብር ቁጥሮች ይኑሩ፤ አንደኛው የወሩ ወጪ ከዋጋ ጭማሪው በፊት ስንት እንደነበር፣ ሁለተኛው ያንኑ ዕቃ ዛሬ ለመግዛት ስንት እንደሚያስፈልግ። በላዩ 12,000፣ በታቹ 15,000 ብላችሁ ጻፉ። የሚጎድለው 3,000 ብር ነው፤ የምትጠይቁትም 3,000 ብር ይሁን።